«አልሐምዱሊላህ» ብለን የጀመርነው ፖስት መቼ ነው ሹክር የሚሆነው?

 

ቁርኣን ውስጥ ብዙ የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች ስላገኙት ነገር በሰው ፊት ሲናገሩ እናገኛለን። አንደኛው ቃሩን ነው፣ ሁለተኛው ነቢዩላህ ሱለይማን (ዐለይሂ ሰላም)። ሁለቱ የተናገሩትን ዐረብኛውን ይዛችሁ ብታስተያዩት የሚያስገርም ነገር ታያላችሁ። ሁለቱም የተጠቀሙት ግስ አንድ ነው። ቃሩን «አገኘሁ» ወይም «ሠራሁ» አላለም፤ ልክ እንደ ሱለይማን «ተሰጠኝ» በሚል ግስ ነው የተናገረው። እንዲያው በግሱ ብቻ ብንፈርድ ቃሩንንም ከአመስጋኞች እንቆጥረው ነበር።

ልዩነቱ ከግሱ ቀጥሎ ያለው ነው። በሱረቱል ቀሶስ አንቀጽ 78 ላይ ቃሩን ሀብቱ የተሰጠው እርሱ ዘንድ ባለ ዕውቀት ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። ሰጪ እንዳለ አልካደም፤ ግን ሰጪው የሰጠው «እኔ ስለሚገባኝ ነው» የሚል ሐሳብ አስከተለ። ሱለይማን ደግሞ በሱረቱ-ነምል አንቀጽ 16 ላይ ሰዎችን ጠርቶ የወፎችን ንግግር መማሩንና ከሁሉም ነገር መሰጠቱን ይነግራቸውና ይህ ግልጽ የሆነ የአላህ ችሮታ መሆኑን ያስከትላል። በዚያው ሱራ አንቀጽ 40 ላይ ዙፋኑ በዓይን ጥቅሻ ፊቱ ሲቀርብለት፣ ይህ ከጌታው ችሮታ እንደሆነና የሚያመሰግን ወይም የሚክድ መሆኑ ሊፈተንበት የመጣ እንደሆነ ተናገረ። አንዱ የተሰጠውን ለራሱ ብልጫ ማስረጃ አደረገው፣ ሌላው የሚጠየቅበት ፈተና አድርጎ ተቀበለው።

ዛሬ ይህን ያነሳሁት ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ስለምንለጥፈው የስኬት ፖስት ነው። ውጤት ሲመጣ፣ ስንመረቅ፣ ሥራ ስንቀጠር፣ ቁርኣን ስናኸትም የምንጽፈው ማለቴ ነው። መጻፉ በራሱ ችግር የለውም። በሱረቱ-ዱሓ መጨረሻ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የጌታቸውን ጸጋ እንዲናገሩ ነው ያዘዛቸው። ስለዚህ «ደብቁት፣ ዝም በሉ» የሚል ቀላል መልስ የለኝም። ጥያቄው ስንናገረው የማንን መንገድ እንደምንይዝ ነው። እኛ ሁላችንም «አልሐምዱሊላህ» ብለን ነውና የምንጀምረው፣ የመጀመሪያው ቃል ብቻውን መልስ አይሆነንም። ከቃሩን ግስ የምንማረውም ይህንኑ ነው።

ነገሩን በአንድ ጽሑፍ ላይ እንየው። የወለንጪቲ ልጅ የሆነች አንዲት እህታችን የ12ኛ ክፍል ውጤቷ ሲመጣ ልትለጥፈው ያዘጋጀችውን ከመለጠፏ በፊት ላከችልኝ። «ኡስታዝ፣ እስኪ ይዩልኝ፤ ጉራ ይመስልብኛል እንዴ?» ብላ። ፈቃዷን ጠይቄ ነው እዚህ የማቀርበው፣ ስሟን ግን አልጠቅስም። እንዲህ ይላል፦

«አልሐምዱሊላህ! 487 ከ600! ማንም አላመነብኝም ነበር። ከወለንጪቲ ልጅ ምን ይጠበቃል ያላችሁ ዛሬ የት አላችሁ? ሌላው ሲተኛ እኔ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አጠናሁ። አስጠኚ አልነበረኝም፣ ሁሉንም በራሴ ተወጣሁት። ከክፍላችን ያለፍነው ሦስት ብቻ ነን። ሕልም ያለውን ሰው ምንም አያቆመውም! ቀጣዩ ሕክምና ነው ኢንሻአላህ። ሐሰድ ከእኛ ይራቅ።»

ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ትዕቢተኛ አይደለችም። ደስታ ነው ያጻፋት። በየዓመቱ በውጤት ሰሞን ከምታነቧቸው ፖስቶች የተለየም አይደለም። ውስጡ አልሐምዱሊላህ አለ፣ ኢንሻአላህም አለ። ግን እነዚህን ሁለት ቃላት አውጥታችሁ ብታነቡት የቀረው ጽሑፍ ምንም አይጎድለውም፤ ያለ እነርሱም ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔ ለራሴ የማደርገው የመጀመሪያ ፍተሻ ይህ ነው። የአላህን ስም ሲያወጡት ሳይነካ የሚቆም ጽሑፍ፣ ስሙ ጌጥ ሆኖ ነው የገባው።

ቀጥሎ ግሶቹን እንይ። አማርኛችን «እኔ» ማለት ሳያስፈልገው «እኔ» የሚያስብል ቋንቋ ነው። አድራጊው ግሱ ጭራ ላይ ተቀምጧል። «አጠናሁ»፣ «ተወጣሁት» ስንል ማን እንዳደረገው ተነግሮ አልቋል። ስለዚህ «እኔ» የሚለውን ቃል ሰርዞ ትሑት የሆነ የሚመስለው ሰው ይኖራል፣ ግን የግሶቹን ጭራ ቢቆጥር ራሱን ያገኘዋል። ልጅቷን ያልኳት ይህን ነው። እስክሪብቶ ይዘሽ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማን እንዳደረገ አስምሪበት። አስመረችበት። ጥሩ ነገር ያደረገው ሰው በሁሉም እሷ ናት። ሌሎች ሰዎች የገቡት ሦስት ቦታ ነው፤ አላመኑባትም፣ ተኝተዋል፣ ሊመቀኟት ነው። አላህ ደግሞ አንድም ግስ የለውም። በ«አልሐምዱሊላህ» ተመሰገነ እንጂ ምን እንዳደረገላት አልተነገረም።

እንግዲህ ማስተካከሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቃላትን በማለስለስ አይደለም፤ «በእውነት ምን ሆነ?» ብሎ በመጠየቅ ነው።

«ሁሉንም በራሴ» የሚለውን አነሳሁባት። «በራስሽ ስትይ የምታጠኚበትን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። ከቴሌግራም ቻናሎች ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን እያወረደች ነበር። ለማውረጃው የኢንተርኔት ጥቅል ማን ይገዛልሽ ነበር? ወንድሟ። ወንድሟ የከባድ መኪና ረዳት ነው፣ በዚያው በወለንጪቲ በሚያልፈው የጅቡቲ መንገድ ይመላለሳል፤ ትምህርቱን ያቆመው እሷና ታናናሾቿ እንዲቀጥሉ ነው። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስታጠኚ ጠዋት ማን ይሠራ ነበር? እናቷ። ለሁለት ዓመት ገበያውንም የቤቱንም ሥራ ብቻቸውን ይዘው እሷን ከመጽሐፏ አላስነሷትም። አስጠኚ ያልሽው በክፍያ የሚያስጠና ማለትሽ ነው ወይስ ያስተማረሽ የለም? እዚህ ላይ ሳቀች። የፊዚክስ መምህራቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ አንድ ብር ያስተምራቸው ነበር።

አያችሁ? «ሁሉንም በራሴ» የሚለው ትዕቢት ከመሆኑ በፊት እውነት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያልተሰጠውን እንደተሰጠ አድርጎ የሚያሳይ ሰው የሐሰት ሁለት ልብስ እንደለበሰ መሆኑን ነግረውናል። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ ያለ ነው። የመጣውም አንዲት ሴት ባሏ ያልሰጣትን እንደሰጣት አድርጋ ለጣውንቷ ብታሳይ ኃጢአት ይኖርባት እንደሆነ ስትጠይቅ ነው። የወንድምን ላብ፣ የእናትን ጎንበስ ቀና፣ የመምህርን ቅዳሜ ደምሮ «የእኔ ጥረት» ብሎ መልበስም ያው ነው፤ ልብሱ የሰው ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ሰዎችን የማያመሰግን አላህን እንዳላመሰገነ ተነግሯል። ስለዚህ «ሁሉም ከአላህ ነው» ብሎ ሰዎቹን መዝለልም አያስኬድም። አላህ የሰጠን በእጃቸው ነውና።

ሱለይማን የጉንዳኗን ንግግር ሰምቶ ፈገግ ካለ በኋላ ባደረገው ዱዓ፣ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለወላጆቹም ለተዋለው ጸጋ እንዲያመሰግን ነው ጌታውን የጠየቀው። ንጉሥ ሆኖ፣ ነቢይ ሆኖ፣ ጸጋው ከእርሱ እንዳልጀመረ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ዓረፍተ ነገር እንምጣ። «ከክፍላችን ያለፍነው ሦስት ብቻ ነን።» ይህኛው እውነት ነው፣ ቁጥሩም ትክክል ነው። ታዲያ ምኑ ነው ችግሩ?

በአገራችን ያለውን አስታውሱ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህ ማለት አንድ ያለፈ ልጅ ፖስት ሲያደርግ ከሚያነቡት እኩዮቹ መካከል አብዛኛው ያላለፈ ነው። ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላይ። በዚያ ሌሊት ያው ስልክ ላይ የራሱን ውጤት አይቶ ለእናቱ እንዴት እንደሚነግር የሚያስብ ልጅ ነው የሚያነበው። ለእርሱ «ሦስት ብቻ ነን» የሚለው ዓረፍተ ነገር «አንተ ከቀሩት ነህ» ይለዋል።

ለዚህ አንድ መመዘኛ አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ እንዲቆም ከሥሩ የግድ ሌላ ሰው መኖር አለበት ወይ? «ፈተናውን አለፍኩ» የሚለው ማንም ባይወድቅም ይቆማል። «ሦስት ብቻ ነን» የሚለው ግን የሚቆመው በወደቁት ትከሻ ላይ ነው። «ሌላው ሲተኛ» የሚለውም እንደዚያው፤ የተኛ ሰው ከሌለ ትርጉም የለውም። ደግሞ ማን እንደተኛ በምን አወቅን? አብሯት የወደቀው ልጅ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አንብቦ ይሆናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይኩራራ ትሕትና እንዲኖረን ወሕይ እንደወረደላቸው ተናግረዋል። «በሌላው ላይ» የምትለዋን ልብ በሉ። ፈኽር ብቻውን አይቆምም፣ ሁልጊዜ የሚረግጠው ሰው ይፈልጋል።

«ሕልም ያለውን ሰው ምንም አያቆመውም» የሚለው ደግሞ ሲያዩት የሚያበረታታ ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉም ለቃሩን ንግግር የሚቀርበው እርሱ ነው እላለሁ። አንድ ጊዜ የተሰጠንን ወስዶ ሕግ ያደርገዋል። ያለፈው ሕልም ስላለው ከሆነ፣ የወደቀው ሕልም ስለሌለው ነው ማለት ነው። ወንድሟ ትምህርት ያቆመው ሕልም አጥቶ ነው? ይህን ስጠይቃት ዝም አለች፣ ከዚያ ራሷ ሰረዘችው።

«ማንም አላመነብኝም» እና «ሐሰድ ይራቅ» የሚሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። የመጀመሪያው የሁለት ሰው ክፉ ንግግር ይዞ መንደሩን ሁሉ ይከሳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የመጣው መምህር አምኖባት አይደል? ሁለተኛው አንባቢውን ገና ሳይናገር ምቀኛ ያደርገዋል። ሐሰድ እውነት ነው፤ መጠበቂያው ግን የጠዋትና የማታ አዝካር ነው፣ በአደባባይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ አይደለም። በእርግጥ የሚፈራ ሰው ካለ ደግሞ አለመናገርም ሱንና አለው። ያዕቁብ (ዐለይሂ ሰላም) ዩሱፍን ሕልሙን ለወንድሞቹ እንዳይነግር መክሮታል። ወይ አምነህ ትናገራለህ፣ ወይ ዝም ትላለህ፤ እየተናገሩ መስደብ ግን መሐል መንገድ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ጽሑፍ ላከችልኝ። እሱም የራሱ በሽታ ነበረው፣ ብዙዎቻችሁም የምትወድቁበት ስለሆነ ላሳያችሁ። «እኔ ምንም የማላውቅ ደካማ ነኝ፤ ይህ ውጤት ፈጽሞ አይገባኝም፤ እንዴት እንዳለፍኩ እኔም አላውቅም። ያላለፋችሁ እህት ወንድሞቼ አይዟችሁ፣ አላህ የተሻለ አዘጋጅቶላችኋል» ይላል።

ሁለት ዓመት ሌሊት ያጠናች ልጅ «እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም» ስትል መጀመሪያ ነገር ውሸት ነው። ሁለተኛ፣ አንባቢውን «ኧረ አንቺማ ጎበዝ ነሽ» እንዲል ታስገድደዋለች፤ ሙገሳን በበሩ አባርሮ በመስኮት እንደ ማስገባት ነው። ሦስተኛ፣ በልፋቱ የወደቀው ልጅ ሲያነበው፣ ሳይለፋ ያለፈ ሰው እንዳለ ይሰማዋል፤ ይህ ከጉራው ይልቅ ይጎዳዋል። ትሕትና ራስን ማዋረድ ሆኖ አያውቅም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ኪብር የተተረጎመው እውነትን መግፋትና ሰዎችን መናቅ ተብሎ ነው። ልፋትን በልኩ መናገር ከሁለቱ አንዱንም አይደለም። የሠራነውን መካድ ግን ራሱ እውነትን ወደ መግፋት ይጠጋል።

«አይዟችሁ» የሚለውም በቅን ልብ የተጻፈ ነው፣ ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። የወደቀ ሰው ማጽናኛውን ከአላፊ ፖስት ላይ አይፈልግም። ጓደኛ ከሆነ ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ስለ ውጤት ሳታወሩ ሻይ ጠጡ። በአደባባይ ግን የእርሱን ውድቀት የእናንተ ፖስት ውስጥ አታስገቡበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። ከነዚያ ያላለፉ ጓደኞችሽ ምን አገኘሽ? መጀመሪያ ግራ ገባት። ከዚያ ትዝ አላት። ኬሚስትሪ የገባት እነርሱ እየጠየቋት፣ መልሳ ስታስረዳቸው ነበር። እንግዲህ ሰጪዎቹ ውስጥ እነርሱም አሉ። ለእነርሱ ያለን ነገር ማጽናኛ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ ምስጋና ደግሞ ማንንም ዝቅ አያደርግም፣ ተመስጋኙ ሰጪ ነውና።

ሦስተኛው ጽሑፏ ይህ ነው፦

«አልሐምዱሊላህ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፌያለሁ። ወንድሜ ከጅቡቲ መንገድ በተመለሰ ቁጥር የማጠናበትን የኢንተርኔት ጥቅል ሳይገዛልኝ ቀርቶ አያውቅም፤ እኛ እንድንማር ብሎ የራሱን ትምህርት የተወ ሰው ነው። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራውን ብቻዋን ይዛ ከመጽሐፌ አላስነሳችኝም። የፊዚክስ መምህራችን ቅዳሜያቸውን በነጻ ሰጥተውናል። አብረን ያጠናን ጓደኞቼ፣ በጥያቄዎቻችሁ ምክንያት የገባኝ ብዙ ነው። እኔም አጥንቻለሁ፤ የማጠናበትን ጤናና ጊዜ የሰጠኝ አላህ ነው። ሁላችሁንም እርሱ ይመንዳልኝ። የኬሚስትሪና የሒሳብ ማስታወሻዎቼ ለሚፈልግ ሁሉ አሉ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሕክምና ማጥናት እመኛለሁ፤ ለሰው የምጠቅምበት እንዲሆን ዱዓ አድርጉልኝ።»

ከፊተኛው ጋር አስተያዩት። ልፋቷ አልተደበቀም፣ «አጥንቻለሁ» ብላለች፤ ግን የጤናውና የጊዜው ሰጪ ወዲያው ተከትሏል። ሕልሟም አልቀረም፣ ግን ከማዕረግ ወደ አገልግሎት ዞሯል። እያንዳንዱ ሰው አንድ የሚታወቅ ሥራ ይዞ ነው የገባው። «ቤተሰቦቼን በሙሉ አመሰግናለሁ» ብትል ኖሮ ሹክሩ ጭስ ይሆን ነበር። የኢንተርኔት ጥቅል ሲባል ግን ወንድምዬው ይታያል። ማስታወሻውን መስጠቷ ደግሞ ቃሩን ያልሰማው ምክር ነው። ሕዝቦቹ አላህ እንደዋለለት እርሱም ለሰው መልካም እንዲውል ነግረውት ነበር። ሹክር ከምላስ አልፎ በእጅ የሚሠራ ነገር አለው።

487ቱ የት ሄደ? በዚህ እኔና እሷ ትንሽ ተከራክረናል። እሷ «ጸጋን መናገር ቁጥሩንም ይጨምራል» ትላለች፣ ልክ ናት፣ ቁጥር መጥቀስ ሐራም አይደለም። የእኔ ሐሳብ ቁጥሩ ለሚጠቅመው ይነገር የሚል ነው። ለወላጅ፣ ለመምህሩ፣ የ11ኛ ክፍል ልጆች ላሉበት የትምህርት ቤቱ ግሩፕ ይነገር፤ «ከእኛም ሰፈር ይቻላል» ብለው ይነሱበታል። በአጠቃላይ ገጽ ላይ ግን ቁጥር ከመነጻጸር ሌላ ሥራ የለውም፤ አንባቢው መጀመሪያ የሚያደርገው ከራሱ ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። በመጨረሻ ቁጥሩን ለትምህርት ቤቱ ግሩፕ ብቻ አደረገችው። የውጤቱን ስክሪንሾት መለጠፍ ግን ከጉራም በፊት የጥንቃቄ ጉዳይ ነው፤ የመለያ ቁጥራችሁ እዚያ ላይ አለ፣ በእርሱ ማንም ውጤታችሁን በዝርዝር ገብቶ ያያል።

ሰዓቱም ነገር አለው። ውጤት በተለቀቀበት ሌሊት አትለጥፉ። ሦስት ቀን ብትቆዩ የሚቀንስባችሁ ላይክ ብቻ ነው። በነዚያ ቀናት ምስጋናውን ለባለቤቱ አድርሱ። የዚህች ልጅ ወንድም ፌስቡክ የለውም። እሱን በፌስቡክ አመስግና በስልክ ሳትደውልለት ብትቀር ምስጋናው የተጻፈው ለእሱ ሳይሆን ለተመልካች ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ ደወለችለት፣ ስለ ትምህርቱ ልጻፍ ወይ ብላም አስፈቀደችው። ይህን አትርሱ፦ የሰውን ችግር ለእኛ ሹክር ማድመቂያ ስናደርግ ባለቤቱ መስማማት አለበት።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ሁሉ ለሥራ ማመልከቻ አይደለም። አንዳንድ ወንድሞች ትሕትና መስሏቸው ሲቪያቸው ላይ ችሎታቸውን ሳይጽፉ ይቀራሉ። ዩሱፍ (ዐለይሂ ሰላም) ለግብፁ ንጉሥ የምድሪቱን ግምጃ ቤቶች እንዲሾመው ሲጠይቅ ጠባቂና ዐዋቂ መሆኑን በግልጽ ነው የተናገረው። ቀጣሪው መለየት ያለበት ነገር አለ፤ የሚችሉትን በቁጥር ጻፉለት። ሚዛኑ የሚለወጠው አንባቢው እኩያ፣ ጎረቤትና አብሮ ተፈታኝ ሲሆን ነው።

ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ ኮሜንቱ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ በጽሑፉ የተጠበቀው እዚያ ይበላሻል። «ጎበዝ! አንቺማ ድሮም የተለየሽ ነሽ!» ለሚል ሰው «ኧረ እኔ ምንም አይደለሁም» ማለት ሌላ ሙገሳ ይጠራል፤ «አዎ ለፍቻለሁ» ማለትም ወደ መጀመሪያው ጽሑፍ ይመልሳል። «ጀዛከላህ ኸይር፣ ለወንድሜም ዱዓ አድርግለት» ብሎ መመለስ ይበቃል። «እንዴት አጠናሽ?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን በሁለት ቃል አትሸኙት፤ ኢንቦክስ ገብታችሁ የትኛውን ጥያቄ ከየት እንዳወረዳችሁ፣ የትኛውን ምዕራፍ ደጋግማችሁ እንደሠራችሁ ጻፉለት። አብሮ የተፈተነና ያላለፈ ጓደኛ «ማሻአላህ፣ ደስ ብሎኛል» ብሎ ከጻፈ፣ ያን ኮሜንት ላይክ ብቻ አድርጋችሁ አትለፉት። ይህን የጻፈው ምን ከብዶት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ስልክ ደውሉለት።